ማሰሪያ አንቀጹ ሳይቆረጥ፦ ለትንሽ ስክሪን የሚሆን መልስ

ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው የእጅ ሰዓቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትንሽ ዘወር አድርጎ ሲያይ ስክሪኑ ላይ ይህን ያነባል፦

«ያልከኝን ሰነድ ዛሬ ጠዋት ቢሮው ድረስ ይዤ ሄጄ ለጸሐፊዋ…»

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ሰነዱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ዐረፍተ ነገሩ «ሰጥቻታለሁ» ብሎ ሊያልቅ ይችላል፤ «ልሰጣት ብል አጣኋት» ብሎም ሊያልቅ ይችላል። እስከ ጸሐፊዋ ድረስ ያለው በሁለቱም አንድ ነው። ሰውየው ወይ ስክሪኑን በጣቱ እየገፋ ማንበብ አለበት፣ ወይ ስልኩን ከኪሱ ማውጣት አለበት። ስብሰባ ላይ ላለ ሰው ሁለቱም አይመቹም።

ይህ የላኪው ስንፍና አይደለም። አማርኛ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለማን የሚለው ሁሉ ቀድሞ ይመጣና ነገሩ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚነግረን ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አዎንታውና አሉታውም ያለው እዚያው ግሱ ውስጥ ነው። በወረቀት ላይ፣ በትልቅ ስልክ ላይም፣ ይህ ችግር ፈጥሮ አያውቅም፤ ዓይን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል። ችግር የሚሆነው ስክሪኑ መጨረሻውን ሲቆርጠው ነው። የሚቆረጠው ሁልጊዜ መጨረሻው በመሆኑ አማርኛ ጸሐፊ ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። በግስ ቶሎ የሚጀምሩ ቋንቋዎች ጅራታቸው ቢቆረጥ ጭንቅላታቸው ይተርፋል፤ የኛ ግን ዋናው ነገር ጅራቱ ላይ ነው።

ስማርት ሰዓት ምን ያህል ቦታ እንዳለው ለማሰብ፣ አፕል ዋች እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ሲቀርብ የሁለቱ ዓይነቶች ቁመት 38 እና 42 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስክሪኖቹ ሰፋ ብለዋል፤ ቢሆንም አሁንም ከክብሪት ሣጥን ፊት አይበልጡም። የኛ ፊደል ደግሞ ሰፊ ነው። የላቲኑ «i» እና «l» ቀጭን መስመር ይዘው ሲያልፉ «ጨ»፣ «ጠ» ወይም «ኘ» ሙሉ ቦታቸውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በአንድ መስመር የሚገባው የአማርኛ ፊደል ቁጥሩ ያንሳል። የሚያካክሰው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ በጥቂት ፊደል ብዙ ድምፅ ይጻፋል።

ከቦታው ጥበት ሌላ የጊዜው ማጠር አለ። አፕል ዋች ላይ ሰው እጁን ቀና ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያየው የአፑን ምልክትና የላኪውን ስም ነው፤ እጁ ቀና ብሎ ከቆየ ጽሑፉ ይከተላል፤ እጁን ካወረደ ይጠፋል። አንድሮይድ ስልክም ላይ ቢሆን ማሳወቂያው ተጣጥፎ ሲታይ ከጽሑፉ የሚነበበው አንድ መስመር ነው፤ የቀረውን ለማየት ወደ ታች መጎተት ያስፈልጋል። እንግዲህ ተቀባዩ አንድ ዕድል ሰጥቶናል፤ የመጀመሪያውን መስመር። እዚያ ላይ «ሰላም ነው? እንዴት ሰነበትክ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ናቸው?» ከተጻፈበት መስመሩ አለቀ።

መፍትሔው ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ አይደለም። «አልሰጠኋትም ሰነዱን ለጸሐፊዋ ዛሬ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቦታ አተርፋለሁ ብሎ አማርኛውን ያበላሻል፤ አንባቢውም ሁለት ጊዜ ያነበዋል። የሚሻለው ውሳኔውን ብቻውን የቆመ አጭር ዐረፍተ ነገር አድርጎ ማስቀደም ነው። ምክንያቱና ቀጣዩ እርምጃ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አራት ነጥብ ይዘው ይከተላሉ፦

«ሰነዱን አልሰጠሁም። ጸሐፊዋን አላገኘኋትም። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።»

ሁለት ቃል ከተነበበ በኋላ ቢቆረጥ እንኳ ሰውየው የሚፈልገውን አውቋል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሥርዓቱን የጠበቀ አማርኛ ነው፤ ግሱ በቦታው መጨረሻ ላይ አለ። የተለወጠው የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ብቻ ነው። ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የሚቀናበት ሀብትም አለን። «አላገኘኋትም» ሲባል ማን እንዳላገኘ፣ ማንን እንዳላገኘ፣ ድርጊቱም እንዳልተፈጸመ በሰባት ፊደል ተነግሯል። «እኔ» ማለት አያስፈልግም፤ «እሷን» ማለትም አያስፈልግም። አማርኛ ግስ ለትንሽ ስክሪን የተሠራ ይመስላል፤ ከፊቱ የምንደረድረውን ከቀነስንለት ብቻውን ብዙ ይሸከማል።

አሁን አንድ ረጅም መልስ ወስደን እስከ መጨረሻው እናሳጥረው። እንበል፣ አንዲት እህት አዲስ አበባ አለች፣ ወንድሟ ዋሽንግተን አካባቢ ይሠራል። ከሥራ ላይ እንዲህ ብሎ ጠይቋታል፦ «እማዬን ምን አሏት? ስንት ልላክ?» እህት የጻፈችው መልስ ይህ ነው፦

«ሰላም ወንድምዬ እንዴት ነህ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ትናንት ጠዋት ሐኪም ቤት ይዣት ሄጄ ነበር፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር እስከ 6 ሰዓት ቆየን። ዶክተሩ ካያት በኋላ ስኳሯ ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ መድኃኒቷን ቀይሮላታል። መድኃኒቱ እዚያው ስላልነበረ ከውጭ ፋርማሲ ገዛን። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው፤ ለምርመራውና ለመድኃኒቱ 4000 ብር ያህል ስለሚያስፈልግ ካልተቸገርክ እስከ ሰኞ ብትልክልን ጥሩ ነው።»

በዚህ መልእክት ውስጥ የሚጣል ክፉ ነገር የለም። ለማታ ስልክ የሚሆን ጨዋታ ነው። ለሰዓት ስክሪን ግን ከ300 ፊደል በላይ ነው፤ ወንድምየው እጁን ቀና ሲያደርግ የሚያየው የራሱን ልጆች ጤንነት የሚጠይቀውን ክፍል ነው። ስለ እናቱ ያለው ነገር ገና ታች አለ።

መጀመሪያ መደረግ ያለበት ወደ ጥያቄው መመለስ ነው። ሁለት ነገር ጠይቋል። ስለ ወረፋውና ስለ ፋርማሲው አልጠየቀም፤ ቢያውቀውም አሁን ከሥራ ላይ ሆኖ የሚያደርገው ነገር የለም። የማክሰኞው ቀጠሮም እንዲሁ ነው፤ እሱ አይወስዳትም። ለእሱ የሚያስፈልገው ቀጠሮው የወለደው ቀን ነው፣ ገንዘቡ መድረስ ያለበት ሰኞ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይመጣል። እናቱ ደህና መሆኗን እስኪያነብ ድረስ የብሩ ቁጥር አይታየውም፤ ስለዚህ እሱ ይቀድማል። የተስተካከለው ይህ ነው፦

«እማዬ ደህና ናት፤ አትስጋ።
ስኳሯ ትንሽ ጨምሯል፤ መድኃኒት ተቀየረላት።
4000 ብር እስከ ሰኞ ላክልን።»

ባዶ ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ 66 ፊደል ነው። ቁጥሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የኤስኤምኤስ ልክ የተጠናው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ጀርመናዊው ፍሪድሄልም ሂሌብራንድ ቦን ከተማ ቤቱ ተቀምጦ የመጣለትን ዐረፍተ ነገርና ጥያቄ በታይፕራይተር እየጻፈ ፊደሉን ሲቆጥር ሁሉም ማለት ይቻላል ከ160 በታች ሆኖ አገኘው። ይህ 160 ግን የላቲን ፊደል ልክ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ አንድ የላቲን ፊደል በ7 ቢት ሲጻፍ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል 16 ቢት ይፈልጋል። ስለዚህ በአማርኛ አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ነው። በላቲን በተጻፈ መልእክት መካከል አንድ «ሀ» ብቻ ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይለካል። ከ70 ካለፈ ይከፋፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ጥቂት ቦታ ስለሚወሰድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል፤ የሚታሰበውም እንደ ሁለት መልእክት ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ እንዲህ ያለ ጥብቅ ወሰን የለባቸውም። ቢሆንም 70 ለሰዓት ስክሪን ጥሩ መለኪያ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በጥቂት መስመር ያልቃል፣ ሳይገፉትም ይነበባል።

እህትየዋ «ማታ ደውል።» ብላ መጨመር ብትፈልግስ? መስመር መለወጫውን ጨምሮ 74 ይሆናል፤ አራት ፊደል አለፈ። «አትስጋ»ን ከነነጠላ ሰረዙ ብታወጣ 68 ይሆንና ይገባል። የትኛው ይቅር? እኔ ብሆን «አትስጋ»ን አስቀራለሁ እንጂ «ማታ ደውል»ን አልጨምርም፤ ልጅ ስለ እናቱ ሲያነብ «ደህና ናት» ብቻውን አያሳርፈውም፣ ስልኩን ደግሞ ሳይባልም ይደውላል።

ማሳጠር ሲበዛ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦ «ደህና ናት። 4000 ላክ።» አጭር ነው፣ ግን ጎድሏል። ብር ነው ዶላር? እስከ መቼ? ምን አሏት? ወንድምየው ሦስት ጥያቄ ይልካል፣ እህት ሦስት ጊዜ ትመልሳለች፣ ሁለቱም አንጓ ላይ ስድስት ጊዜ ንዝረት ይሄዳል። መልስ ከመጠን በላይ እንዳጠረ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ተቀባዩ መልሶ ከጠየቀ የጠየቀው ቃል መቆረጥ ያልነበረበት ነው።

ከማይቆረጡት ቃላት ሁሉ ከባዱን ዋጋ የሚያስከፍለው የሰዓት ነገር ይመስለኛል። «ነገ በ3 ሰዓት እንደውላለን» የሚል መልእክት አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰው ምንም አያሻማም፤ ጠዋት ነው። ሪያድ ያለው ዘመዱ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነው፤ አንጓው ላይ ያለው ቁጥር ግን በዚያ ሰዓት 9:00 ይላል። ዱባይ ላይ 10:00 ነው። ዋሽንግተን ላለው ደግሞ በበጋቸው ከሌሊቱ 2:00 ነው። ሁሉም «3» የሚለውን ያነባሉ፤ ሁሉም ዓይናቸው ያረፈበት ሰዓት የሚያሳየው ሌላ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ጠዋት» የምትለው ሦስት ፊደል አትቆረጥም፤ ለውጭ ሰው ሲሆን «በአዲስ አበባ» የሚለውም አይቆረጥም። ይበልጥ የሚረዳው የተቀባዩን ሰዓት ራስ አስልቶ መጻፍ ነው፦ «ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት በአዲስ አበባ፤ ባንተ ሌሊት 2:00።»

እዚህ ላይ «ነገ»ን ትቼ «ቅዳሜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ «ነገ» ተብሎ ሲላክ ላኪው ረቡዕ ማለቱ ነው። በበጋ ወራት ዋሽንግተን ላይ ያን ጊዜ ገና ሰኞ ሌሊት 11:00 ነው፤ አንባቢው «ነገ» ሲል ማክሰኞ ይረዳል። በወር ቀን መጻፍም ሁለት የቀን አቆጣጠር ስላለን አያዋጣም፤ «በ10 እንገናኝ» ሲባል በየትኛው አቆጣጠር ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የሳምንቱ ቀን ስም ግን በሁለቱም አንድ ነው። ሳምንት ውስጥ ላለ ቀጠሮ ከዚህ የሚበልጥ አጭርና ርግጠኛ ቃል የለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ በላቲን ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ነው። ሰው ወዶ አይጽፈውም። አንዳንድ ርካሽ ሰዓቶች የኢትዮጵያ ፊደል ስላልተጫነላቸው የመጣውን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርገው ያሳያሉ፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ «በላቲን ጻፍልኝ» ይላል። በላቲን ግን «ተ» እና «ጠ» አንድ ይሆናሉ። `abate meta` የሚል መልእክት አባቴ መጣ ነው ወይስ አባቴ መታ? ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ከፊትና ከኋላ ያለው ያብራራዋል፤ በሁለት ቃል መልስ ውስጥ ግን የሚያብራራ ጎረቤት ቃል የለም። መውጫው ቃሉን መለወጥ ነው። `abate derese` ቢባል ከሌላ ጋር የሚምታታ የለውም። በላቲን የሚያሳጥር ሰው «ጠ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ቀ»ን የሚይዙ ቃላትን እያየ ሌላ ንባብ እንደሌላቸው ቢያረጋግጥ መልካም ነው። የሰዓቱን ሁኔታ ለማወቅ ደግሞ ከመገመት አንድ ቃል ልኮ «ሳጥን ነው ወይስ ይነበባል?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

ብዙ ሰው አጭር መልስ የሚፈራው ባለጌ ያስመስለኛል ብሎ ነው። ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ይውላል። በአማርኛ አክብሮት የተቀመጠው በሰላምታው ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ግሱ ውስጥ አለ። «ላክልኝ» አራት ፊደል ነው፤ «ይላኩልኝ» አምስት። አንድ ፊደል ጨምሮ ሙሉ አክብሮት ይሰጣል። «እሺ» ብቻውን ለታላቅ ሲላክ ደረቅ ነው፤ «እሺ ጋሼ» ሲሆን ሙሉ ሰው ሆነ። «እታለም»፣ «እትዬ»፣ «ወንድምዬ»፣ «አባባ»፣ ከነዚህ አንዷ ሙሉ የሰላምታ መስመር ያህል ሙቀት ትይዛለች፣ ከመልሱ ኋላ ብትቀመጥም አይከፋትም። «አልመጣም እትዬ፤ ልጁ አሞታል። እሑድ እመጣለሁ።» የሚለውን የሚቀየም አክስት ያለች አይመስለኝም።

ሰላምታውን ለብቻው መላክም ማሳጠር አይደለም። ቴሌግራም ላይ እንደ ልማድ «ሰላም» ይላካል፣ ቀጥሎ «እንዴት ነህ»፣ ቀጥሎ «አለህ?»፣ ከዚያ ዋናው ነገር። ለስልክ አራት መስመር ነው። ሰዓት ላደረገ ሰው ግን አራት ንዝረት ነው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ሰው ባዶውን ሦስቴ ካየ በኋላ አራተኛውን ለማየት እጁን አያነሣም። ሁሉም በአንድ መልእክት ቢገባ፣ ፍሬ ነገሩ ቀድሞ ሰላምታው ቢከተል፣ ሁለቱም ይደርሳሉ።

እስካሁን የተናገርነው ለሰዓት ስለሚጽፍ ሰው ነው። ከሰዓቱ የሚመልሰውስ? እዚያ ላይ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የተዘጋጁትን መልሶች ይነካል። አብረው የሚመጡት መልሶች ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ሊለወጡ እንደሚችሉ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አፕል ዋች ያለው ሰው አይፎኑ ላይ «Watch» የሚለውን አፕ ከፍቶ «My Watch»፣ ቀጥሎ «Messages»፣ ቀጥሎ «Default Replies» ይገባል፤ «Add reply» ብሎ በስልኩ ኪቦርድ አማርኛውን ይጽፋል፤ በ«Edit» የማይፈልገውን ያወጣል፣ ቅደም ተከተሉንም ይለውጣል። ሌሎች ሰዓቶችም ስልኩ ላይ ባለው የሰዓቱ አፕ ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ አላቸው። ማወቅ የሚበጀው ገደብ፣ ርካሽ ሰዓቶችና ባንዶች ከአይፎን ጋር ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ማሳየት እንጂ መመለስ አይችሉም፤ መልስ የሚልኩት ከአንድሮይድ ጋር ሲሆኑ ነው።

የአማርኛ ዝግጁ መልስ ሲጻፍ አንድ የኛ ቋንቋ ወጥመድ አለ። «እደውልልሃለሁ» ብሎ ያስቀመጠ ሰው መልሱን ለሚስቱ ሲነካው «እደውልልሻለሁ» መሆን ነበረበት፤ ለአለቃው ሲነካው «እደውልልዎታለሁ» መሆን ነበረበት። ሰዓቱ ማን እንደጻፈ አይለይም። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆነው ተቀባዩን ግሱ ውስጥ የማያስገባ መልስ ነው። «እደውላለሁ» ለወንድ፣ ለሴት፣ ለታላቅ፣ ለታናሽ እኩል ይሆናል። «ጠብቀኝ» ከማለት «በ10 ደቂቃ እደርሳለሁ»፣ «ንገረኝ» ከማለት «አልገባኝም፤ ማታ በስልክ እንነጋገር» ይሻላል። «እየነዳሁ ነው፤ ስደርስ እደውላለሁ» እና «አይቼዋለሁ፤ ማታ እመልሳለሁ» የሚሉት ሁለቱ ብቻ የቀኑን ግማሽ ይሸፍናሉ።

«እሺ» ደግሞ ለብቻዋ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። «እዚሁ ልጠብቅህ ወይስ ልሂድ?» ተብሎ ለመጣ መልእክት «እሺ» ብሎ መመለስ ምንም አለመመለስ ነው፤ ጠያቂው በረንዳ ላይ ቆሞ ይቀራል። «ወይስ» ያለበት ጥያቄ ከምርጫዎቹ አንዱን ግስ ይፈልጋል፤ «ሂድ» ወይም «ጠብቅ»። ጠያቂውም ቢሆን ሰዓት ላለው ሰው ሲጽፍ ጥያቄውን በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ አድርጎ ቢቀርጸው ሁለቱም ይገላገላሉ፦ «ልሂድ?»

ጨርሶ ማሳጠር የማይገባን መልእክትም አለ። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ከቤተሰቡ «ቶሎ ደውል» የሚል ሲደርሰው ልቡ ይርዳል፤ ከሥራ ወጥቶ እስኪደውል ድረስ ማን ሞተ እያለ ነው የሚያስበው። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይ ወይም የሰነድ ጉዳይ ነው። «ደውል፤ ለክፉ አይደለም፣ ስለ ኪራዩ ነው» ቢባል ጥቂት ፊደል ነው የሚጨምረው፤ ያንን ቀን ሙሉ የሚያድነው ግን እሱ ነው። ይህን የመሰለ መልእክት የሚልኩ ሁሉ «ለክፉ አይደለም»ን ከቃላቱ ፊት ቢያደርጓት እወዳለሁ፤ ቢቆረጥ እንኳ እሷ ትድናለች።

ለክፉ ሲሆንስ? መርዶ በአንጓ ላይ አይነገርም። በባህላችን ሰው ዘመዱ መሞቱን የሚሰማው ሽማግሌና ወዳጅ ተሰባስቦ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ፣ ቤቱ ሄዶ ሲነግረው ነው፤ ሥራ ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ እያስተናገደ፣ በሦስት መስመር ማንበብ የለበትም። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ የሚጽፈው ለሟች ልጅ ሳይሆን እዚያው ከተማ ላለ ለቅርብ ጓደኛው ነው። ለጓደኛውም ቢሆን ስሙን ጠቅሶ መጻፍ አይገባም፤ ሁለቱ አንድ ቦታ የሚሠሩ ከሆነ የጓደኛው ስክሪን ለሌላውም ይታያል። «ለብቻህ ስትሆን ደውል፤ ለእሱ አሁን ምንም አትንገረው» የሚለው ይበቃል። አፕል ዋች ላይ እንዲህ ያለውን ነገር ከሌላ ሰው ዓይን ለመጠበቅ አይፎኑ ላይ ባለው የ«Watch» አፕ ውስጥ «Notifications» ተብሎ «Notification Privacy» ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በጣቱ እስኪነካው ድረስ የመልእክቱ ዝርዝር አይታይም።